ስልካችሁ የሚያውቀው ፊታችሁን ነው ወይስ ፎቶአችሁን?

ከመካከላችን አንዷ፣ ከናይሮቢ ኢስሊ ልብስና ጫማ ገዝታ በሞያሌ በኩል ሐዋሳ የምታስገባ እህታችን፣ ሞያሌ ላይ ጭነት ስታወርድ ስልኳ ጠፋባት። ብዙም አልደነገጠችም። ስልኩ በስምንት አሃዝ የሚስጥር ቁጥር የተቆለፈ ነበር፤ ቁጥሩን ለባለቤቷም ነግራ አታውቅም። «ቢያገኙትም አይከፍቱትም» ብላ አዲስ ሲም ለማውጣት ወረፋ ያዘች።

ስልኩ ግን በዚያው ቀን ተከፍቶ ነበር። ጭነት ሲያግዝ የነበረ ልጅ ወስዶት፣ ቁጥሩን ለመገመት አንዴም ሳይሞክር ነው የከፈተው። የእሷን የቴሌግራም ቻናል በጓደኛው ስልክ ከፈተ፤ ጫማ ይዛ ወደ ካሜራ ፊት ለፊት እያየች የተነሳችውን ፎቶ አሰፋው፤ ከዚያ አንዱን ስልክ ከሌላው ፊት ለፊት አቆመ። በሦስተኛው ሙከራ ተከፈተለት። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነገሩ በሽማግሌ ሲታይ ልጁ ራሱ ተናግሮ ነው።

ቴሌብር ውስጥ መግባት አልቻለም፤ ኤምፔሳም የባንኩ መተግበሪያም የየራሳቸውን ቁጥር ጠየቁት። ስለዚህ እነሱን ተወና ወደ ቴሌግራም ሄደ። በእሷ ስም ለአራት ደንበኞቿ «እቃው ድንበር ላይ ቆሟል፣ ለቀረጥ ትንሽ ጎድሎኛል፣ በዚህ ቁጥር ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ አላቅማሙም። አንዱ 18,000 ብር፣ ሌላዋ 25,000 ብር ላኩ። ገንዘቡ ዛሬም አልተመለሰም። እህታችን ግን ለሁለቱም ከኪሷ ከፍላለች፤ ባትከፍል ኖሮ ከ43,000 ብር በላይ ስሟን ታጣ ነበር።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው፦ በሰልፊ ካሜራ ብቻ የሚሠራ የፊት መክፈቻ ንግድ በሚሠራበት ስልክ ላይ መዘጋት አለበት። ፊትን መጠቀም በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚሸጡልን ነው።

ጠፍጣፋው እና ጥልቀቱን የሚለካው

የመጀመሪያው ዓይነት በገበያችን ላይ በብዛት ያለው ነው። የሚሠራው ሰልፊ በምንነሳባት ካሜራ ብቻ ነው። ስትመዘገቡ ካሜራዋ ፊታችሁን ታነሳለች፣ ስልኩ መልካችሁን ወደ ቁጥሮች ለውጦ ያስቀምጣል። በሌላ ጊዜ ስታሳዩት አዲስ ምስል አንስቶ ካስቀመጠው ጋር ያስተያያል፤ ከተቀራረበለት ይከፍታል። ችግሩ ካሜራ የሚያቀብለው ምንጊዜም ጠፍጣፋ ምስል መሆኑ ነው። ከፊቱ የቆመው ሕይወት ያለው ሰውም ይሁን ፎቶ፣ ለስልኩ የሚደርሰው አንድ ዓይነት ነገር ነው። አንዳንድ አምራቾች የዓይን መርገብገብን ወይም የወረቀትን ነጸብራቅ የሚፈልግ ሶፍትዌር ይጨምሩበታል፤ ይህ ያግዛል። ነገር ግን በቪዲዮ ውስጥ ያለ ሰውም ዓይኑን ያርገበግባል።

ሁለተኛው ዓይነት ጥልቀት ይለካል። በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 አይፎን 10 ይዞት ሲመጣ ነው። ከስልኩ አናት ላይ ያለች ትንሽ መሣሪያ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን በነጥብ በነጥብ ፊታችን ላይ ትረጫለች፤ ነጥቦቹ ከ30,000 ይበልጣሉ። ሌላ የኢንፍራሬድ ካሜራ ደግሞ ነጥቦቹ የት የት እንዳረፉ ታያለች። አፍንጫ ላይ ያረፈው ነጥብና ጉንጭ ላይ ያረፈው ነጥብ ርቀታቸው ስለሚለያይ፣ ስልኩ ከአቀማመጣቸው ተነስቶ የፊታችንን ጉብታና ጉድጓድ ያሰላል። ነጥቦቹ ፎቶ ላይ ቢረጩ ግን የሚያርፉት እንደ ግድግዳ ባለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው። ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ ያለ ከሆነማ ይብሳል፤ ስክሪን ለእኛ ዓይን የሚያሳየውን ምስል ለኢንፍራሬድ ካሜራ እምብዛም አያሳይም።

ቡና ወይም ሰሊጥ የገዛ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም። የጆንያውን አፍ ከፍቶ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ የሚከፍል አለ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥር የሚያወጣ አለ። ሻጩ ታማኝ ሲሆን ሁለቱም አንድ ዓይነት እቃ ይዘው ይሄዳሉ። ልዩነቱ የሚታየው አታላይ የመጣ ቀን ነው።

ምን ያህሉ ይታለላል?

ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። የኔዘርላንድ የሸማቾች ማኅበር ኮንሱመንተንቦንድ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ምርመራ ከ110 ስልኮች 42ቱ በባለቤቱ ፎቶ ተከፍተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የእንግሊዙ ዊች የተባለ የሸማቾች ድርጅት 48 አዳዲስ ስልኮችን ፈትኖ 19ኙ በታተመ ፎቶ እንደተከፈቱ አስታውቋል። በየጊዜው አዲስ ስልክ ቢወጣም ነገሩ ብዙም ፈቀቅ አላለም ማለት ነው።

ጉግል ራሱ ይህን ስለሚያውቅ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አሻራንና ፊትን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። መለኪያው ከ100 የማታለል ሙከራ ስንቱ ይሳካል የሚል ነው። ከ7 በላይ ካልሆነ ጠንካራ ይባላል። ከ7 አልፎ እስከ 20 ከሆነ ደካማ ነው። ከ20 ካለፈ ለምቾት ብቻ የተፈቀደ ነው። የመጨረሻው ስክሪን ይከፍታል፤ ሌሎች መተግበሪያዎች ግን ባለቤቱን ለማረጋገጥ እንዲጠቀሙበት አይፈቀድም። የእህታችን የባንክ መተግበሪያ የራሱን ቁጥር መጠየቁ ጥሩ ነበር። ቴሌግራሟ፣ የአጭር መልእክቷ፣ የፓስፖርቷ ፎቶ ያለበት ማኅደር ግን ስክሪኑ ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛ በር አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ቁጥር እናጥራ። ሻጮች «ሌላ ሰው የመክፈት ዕድሉ ከ50,000 አንድ ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ። ለአይፎኑ ደግሞ አምራቹ ከሚሊዮን አንድ ይላል። ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አላፊ አግዳሚ ነው፦ መንገድ ላይ ያገኛችሁት የማታውቁት ሰው በራሱ ፊት ቢሞክር ማለት ነው። ፎቶአችሁን ይዞ ስለመጣ ሰው ምንም አይሉም። የእኛን ስልክ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ አላፊ አግዳሚ ሳይሆን የሚያውቀን ሰው ነው። ፎቶአችንም የተደበቀ አይደለም፤ ደንበኛ እንዲያምነን ብለን ራሳችን ቻናላችን ላይ ለጥፈነዋል።

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ያለ ጥልቀት መለኪያ፣ በአንድ ካሜራ ብቻ የጠንካራውን ደረጃ ያሟላ ስልክ አለ፤ ጉግል በ2023 ያወጣው ፒክስል 8 ለዚህ ምሳሌ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፒክስል 7 ግን በፊት የሚከፍተው ስክሪኑን ብቻ ነበር። ስለዚህ «ካሜራ ብቻ ከሆነ ሁሉም ይታለላል» አንልም። የምንለው፣ ካሜራ ብቻ ከሆነ ጠንካራ መሆኑን ሻጩ ያስረዳ፤ እስኪያስረዳ ደካማ ነው ብላችሁ ያዙት ነው።

በእጃችሁ ያለውን እንዴት ትለያላችሁ?

አይፎን ከሆነና በ`Face ID` የሚከፈት ከሆነ ጥልቀት የሚለካ ነው። ሌላ ስልክ ከሆነ መጀመሪያ ፊታችሁን የምትመዘግቡበት ገጽ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ብዙዎቻችን ሳናነብ የምናልፈው ነው። «እናንተን የሚመስል ሰው ወይም ነገር ሊከፍተው ይችላል» ወይም «ከሚስጥር ቁጥር ያነሰ ጥበቃ አለው» የሚል ካገኛችሁ፣ አምራቹ ራሱ መስክሯል፤ ሌላ ምስክር አያስፈልጋችሁም።

ቀጥሎ በጨለማ ሞክሩት። መብራት አጥፉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ። ጥልቀት የሚለካው የራሱን የማይታይ ብርሃን ስለሚረጭ በድቅድቅ ጨለማም ይከፍታል። ካሜራ ብቻ ያለው ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ፊታችሁን ለማየት ስክሪኑን ነጭ አድርጎ ያበራል። በሌሊት አውቶቡስ ላይ ስልካቸው ድንገት ቦግ የሚልባቸው ሰዎች ዓይነቱ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ማወቅ ይችላሉ።

በመጨረሻ በራሳችሁ ፎቶ ሞክሩት። ፊት ለፊት የተነሳችሁትን ጥርት ያለ ፎቶ በሌላ ስልክ ላይ ከፍታችሁ ፊታችሁ የሚሆነውን ያህል አስፉት፣ ብርሃኑን መካከለኛ አድርጉት፣ ስልካችሁን ቀስ እያላችሁ አቅርቡትና አርቁት። የእህታችን ስልክ ከተመለሰ በኋላ ይህን አብረን አድርገነዋል። በወረቀት የታተመው ፎቶ የአምፖሉን ብርሃን ስላንጸባረቀ አልሠራም። በስልክ ስክሪን ላይ ያለው ግን ብርሃኑን ስንቀንሰው ከፈተ። ከተከፈተ ነገሩ አለቀ፣ ዝጉት። ካልተከፈተ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እናንተ በአምስት ደቂቃ ያቃታችሁ ጊዜ ላለው ሰው ላያቅተው ይችላል።

ከዱባይ ያገለገለ አይፎን ለምታመጡ አንድ ቃል እንጨምር። ስትረከቡ `Face ID` መመዝገቡን እዚያው ሞክሩት። እነዚያ የፊት መሣሪያዎች ከስልኩ ዋና ሰሌዳ ጋር የተጣመሩ ስለሆኑ፣ ከተበላሹ ወይም ባልሠለጠነ እጅ ከተነቀሉ `Face ID` እንደማይሠራ የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። እንዲህ ያለው ስልክ ዋጋው ሊቀንስ ይገባል። ጥበቃው ግን አልወደቀም፤ በሰልፊ ካሜራው ልተካው አይልም፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይጠይቃል። በእኛ ዓይን መዝጋት ሲያቅተው ተዘግቶ የሚቆይ በር እንዲህ ያለው ነው።

«ግን እኮ...» ለሚሉን

ይህን ስንናገር ሦስት ክርክር ይገጥመናል፤ ሦስቱም ውሃ የሚቋጥሩ ናቸው።

አንደኛው «አሻራዬ አይሠራም» የሚል ነው። ጆንያ የሚሸከም፣ ሲሚንቶ የሚነካ፣ ሳሙና የሚሸጥ ሰው ጣቱ ያልቃል፣ አሻራ አንባቢውም እምቢ ይለዋል። እውነት ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ብዙ የማይሠራበትን ጣት፣ ለምሳሌ የግራ እጅን የቀለበት ጣት፣ ታጥባችሁና አድርቃችሁ መዝግቡ፤ አንዱን ጣት ሁለት ጊዜ መመዝገብም ይረዳል።

ሁለተኛው «ገበያ መሀል ቁጥር ስመታ ያዩኛል» የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የበረታ ነው፤ የፊት መክፈቻ አንድ እውነተኛ ጥቅም ቁጥሩን በአደባባይ ከመምታት ማዳኑ ነው። አሻራም ግን ያንኑ ያደርጋል። አሻራ የሌለው ስልክ ከሆነ፣ ቁጥሩን ስድስት ወይም ከዚያ በላይ አሃዝ አድርጉና በሌላ እጃችሁ ከልላችሁ ምቱ። ቁጥራችሁን የሚያይ ሰው አጠገባችሁ መቆም አለበት። ፎቶአችሁን የሚያይ ሰው ግን ሌላ አገር ተቀምጦም ማየት ይችላል።

ሦስተኛው «ጥልቀት የሚለካውስ መቼ ፍጹም ሆነ?» የሚል ነው። አልሆነም። አይፎን 10 በወጣበት ወር፣ በኅዳር 2017 አካባቢ፣ ቢካቭ የተባለ የቬትናም የደኅንነት ድርጅት በ3ዲ ማተሚያና በሲሊኮን አፍንጫ የተሠራ ጭንብል አሳይቶ ስልኩን ከፍቻለሁ ብሏል። መንታ ወንድም ወይም በጣም የሚመስል እህት ሊከፍተው ይችላል፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም የማሳሳት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አምራቹ ራሱ ጽፏል። ዋናው ግን የሚጠይቀው ድካም ነው። ጭንብል ለመሥራት የፊታችሁ ልክ፣ ባለሙያና ጊዜ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋውን ለማታለል የሚያስፈልገው ከቻናላችሁ የወረደ አንድ ፎቶ ነው። ለ43,000 ብር ሲል የሲሊኮን አፍንጫ የሚቀርጽ ጫኝ አላየንም።

ስለ እንቅልፍ ግን ሁለቱንም ዓይነት የሚመለከት ጥንቃቄ አለ። ከናይሮቢ ሞያሌ ስንመጣ ሌሊቱን መንገድ ላይ ነን፤ እንቅልፍ የማይጥለው የለም። በአይፎን `Require Attention for Face ID` የሚለው ይብራ፤ ያኔ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ካላያችሁት አይከፍትም። በሌሎቹም ዓይን መገለጡን የሚጠይቅ ምርጫ ካለ አብሩት። በጠፍጣፋው ላይ ግን ይህ የሚከላከለው ተኝታችሁ ሳለ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ያላችሁት እናንተ ዓይናችሁ ተገልጧል።

እኛ ያደረግነው

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን ውስጥ ካሜራ ብቻ ያላቸው ስልኮች ላይ የተመዘገበውን ፊት አጥፍተናል። በርካታ ስልኮች ላይ ቦታው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ደኅንነት ከሚለው ሥር ነው፤ ማቆም ብቻ ሳይሆን የፊት መረጃውን መሰረዝ የሚለውን ምረጡ። አዲስ ስልክ አልገዛንም፤ አሻራና ረጅም ቁጥር በቂ ሆኖልናል። ሁለተኛ በር ደግሞ ቴሌግራም ላይ አቁመናል፦ `Settings` ከዚያ `Privacy and Security` ከዚያ `Passcode Lock`። ቁጥሩ ከስልኩ ቁጥር የተለየ ይሁን፣ በራሱ የሚቆለፍበት ጊዜም አጭር ይሁን። ከደንበኞቻችን ጋር ደግሞ ተስማምተናል፤ የገንዘብ መቀበያ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ከማናችንም ቢመጣ፣ ደውለው ድምፃችንን ሳይሰሙ አይልኩም።

የመጨረሻው ቃላችን ስልክ ለምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች ነው። ገዢ ሲመጣ «በፊት ይከፈታል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በካሜራ ብቻ ነው ወይስ ጥልቀት ይለካል የሚለውን ንገሩት፤ የማታውቁት ከሆነ መብራት አጥፍታችሁ አብራችሁት ሞክሩ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እናንተ ያልነገራችሁትን ያቺ እህታችን ያወቀችው 43,000 ብር ከፍላ ነው።